የእቁብ አፕ ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ስኮፑን እንዲህ ጻፉት

ደንበኛችሁ የ40 ሰው እቁብ ሰብሳቢ ነው እንበል። በቴሌብር ክፍያ፣ የኤስኤምኤስ ማስታወሻ፣ በስልክ የሚወጣ ዕጣ፣ ሁሉንም ባንዴ ይፈልጋል። ኮድ ሳትነኩ ምኑ አሁን እንደሚሠራ፣ ምኑ እንደሚቆይ የሚለይ፣ ሁለት ገጽ የማይሞላ ስኮፕ ዶክመንት ጻፉ።

አናቱ ላይ የመጀመሪያው ቨርዥን የሚመልሰውን አንድ ጥያቄ አስቀምጡ፦ «ሰብሳቢው ለአራት ሳምንት ደብተር ሳይገልጥ በስልኩ ብቻ እቁቡን መያዝ ይችላል?»

ቀጥሎ አንድ እሁድ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ጻፉ። ሰብሳቢው ስም ዝርዝሩን ይከፍታል፣ የከፈለውን ይመዘግባል፣ ያልከፈለውን ያያል፣ ዕጣው የደረሰውን ሰው ይይዛል። አሁን እያንዳንዱን ፊቸር እያነሳችሁ «ይሄ ባይኖር እሁድ ይቆማል?» በሉ። ቴሌብር ከአፑ ጋር ባይገናኝ አይቆምም፤ አባላቱ እንደ ወትሮው ለሰብሳቢው ይልካሉ፣ እሱ ይመዘግባል። ማገናኘቱ ደግሞ ውልና ሙከራ ስላለው ጊዜው በእናንተ እጅ አይደለም። ዕጣውም ይቆይ። አፕ ለመሥራት የሚያጓጓው እሱ ነው፣ ግን ወረቀቱ ተጠቅልሎ ዓይኑ እያየ ካልወጣ የሚያምን አባል አታገኙም።

የተረፈው ኤምቪፒው፣ ማለትም ሥራውን የሚያስኬደው ትንሹ የመጀመሪያ ቨርዥን ነው። እያንዳንዱን መስመር ሊፈተን በሚችል መልኩ ጻፉት። «የክፍያ አያያዝ» ብላችሁ ከተዋችሁት ጭቅጭቅ ይጠብቃችኋል። «ሰብሳቢው የአንድ አባል ክፍያ ይመዘግባል፤ ከተሳሳተ ይሰርዛል፤ የተሰረዘውም ከነሰዓቱ ይታያል» ቢባል ግን መሠራቱን ማንም አይቶ ይፈርዳል።

እንዲቆዩ ያደረጋችኋቸው ፊቸሮች «በኋላ» የሚል ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስም ብቻ ደርድሮ ያልፋል። እናንተ ከየስሙ አጠገብ እስከዚያ በእጅ እንዴት እንደሚሠራና ምን ሲታይ እንደሚመለስ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ኤስኤምኤስ፦ ለጊዜው ሰብሳቢው ይደውላል። በየሳምንቱ ከ10 ሰው በላይ የሚደወል ከሆነ ይገባል።»

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ግማሽ ዕጣ፣ ማለትም ሁለት ሰው ተጋርቶ የሚገባበት፣ ለኋላ ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ዳታቤዙ ላይ «አንድ አባል ማለት አንድ ዕጣ» ብላችሁ ካሰራችሁት፣ ጊዜው ሲደርስ የተመዘገበውን ክፍያ ሁሉ እንደገና ማደራጀት ይመጣል። ስለዚህ «ስክሪኑ በኋላ፣ አባልና ዕጣ ግን ከአሁኑ በተለያየ ሠንጠረዥ» የሚል መስመር ጨምሩ።

መጨረሻ ላይ የለውጥ ደንቡን ጽፋችሁ እናንተም ሰብሳቢውም ፈርሙበት፦ አዲስ ነገር ከገባ፣ ተመጣጣኝ ሥራ ያለው አንድ መስመር ወደ «በኋላ» ይሄዳል። ሰብሳቢው በሁለተኛው ሳምንት ደውሎ «እባክህ ፒዲኤፍ ሪፖርት ጨምርልኝ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ሰነዱን ከፍታችሁ የቱ መስመር እንደሚወጣ እሱ ራሱ ይምረጥ።