ከእርስዎ በፊት የነበሩት የት ደረሱ?

በሥራ ማስታወቂያ ላይ «የእድገት ዕድል ያለው» የሚል ሐረግ ብቻውን ምንም ስለማያረጋግጥ፣ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ከዚህ በፊት በመደቡ የሠሩት ሁለት ሦስት ሰዎች አሁን የት ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅት የሰነድ ሠራተኛ ቢፈልግ፣ የቀድሞዎቹ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ሰነድ መሙላት ተምረውና ፈቃድ አውጥተው ራሳቸው አስተላላፊ ሆነው ከሆነ፣ ሥራው በእርግጥ ያስተምራል ማለት ነው። ሁሉም በዚያው የሥራ መጠሪያ፣ ትንሽ ደመወዝ ወደጨመረላቸው ሌላ ድርጅት ከሄዱ ግን፣ ፎቶ ኮፒ ሲያነሱና ሲላላኩ ብቻ ቆይተው ሊሆን ይችላል። መልሱ ከተድበሰበሰ የሙያው ሰዎችን ይጠይቁ፤ ድሬ ላይ በአንድ ሙያ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ። መደቡ አዲስ ከሆነ ይህ ጥያቄ ስለማይሠራ፣ የቅርብ አለቃው መጀመሪያ በምን መደብ እንደተቀጠረ መጠየቅ ይሻላል።