የፓምፕ መግለጫ ወረቀትን በሚለካ ቃል ስለ መጻፍ

በመራዊና በአካባቢው የመስኖ ፓምፕ የምትሸጡ ሁሉ፣ መግለጫ ወረቀቱ «እጅግ ኃይለኛ፤ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ውኃ 30 ሜትር ከፍ አድርጎ ይገፋል» የሚል ከሆነ «እጅግ ኃይለኛ» የሚለውን ሰርዙና እያንዳንዱ ቁጥር በምን ሁኔታ እንደተለካ አብራችሁ ጻፉ። በሴንትሪፉጋል ፓምፕ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ 60ው ውኃው ወደ ላይ ሳይነሣ፣ 30ው ደግሞ ፍሰቱ ሲቆም የሚገኝ በመሆኑ፣ ገበሬው ማሳው ላይ የሚያገኘው ሁልጊዜ በመካከል ያለውን ነው። ስለዚህ ከአምራቹ የፍሰትና የከፍታ ግራፍ ላይ አንድ ነጥብ አንብባችሁ፣ ለምሳሌ «የቱቦው ሰበቃ ተጨምሮ በጠቅላላው 15 ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት 36 ሜትር ኩብ» ብላችሁ ተኩት። ይህን ገዢው ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ በዚያው ከፍታ ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል በ20 ሰከንድ ከሞላ ልክ ነው።

ግራፉ በባሕር ወለል አካባቢ የተለካ ከሆነ ግን ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጡት። 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው አካባቢያችን የተራ ቤንዚን ሞተር ጉልበት በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ እዚሁ በበርሜል ለክታችሁ ውጤቱን ከቦታውና ከቀኑ ጋር አስፍሩ።