ዙሙ ራስ ሲያዞር፣ ከርሰሩ ሲጠፋ፦ የስክሪን ቪዲዮ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን መዝገብ ትይዛለች። ገቢና ወጪውን በኤክሴል እንዴት እንደምታጣራ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠርቼ ከደሴ ላኩላት። 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር። ዙም አለው፣ ከርሰሩ ላይ ቢጫ ክብ አለው፣ ረጃጅም ዝምታዎቹን ቆርጫለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የላክሁት። ማታ ደወለች።

«ኧረ ጋሼ፣ ራሴን አዞረኝ! ደግሞ ቁጥሩ አይነበብም።»

ቁጭ ብዬ ፋይሉን ከመጀመሪያው አየሁት። እውነቷን ነበር። ያገኘኋቸውን ችግሮች እንደ አመጣጣቸው ልንገራችሁ። የቀዳሁት በኦቢኤስ፣ ያስተካከልኩት በነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩም ብትሆኑ ምክንያቶቹ ያው ናቸው።

ዙም ሲደረግ ጽሑፉ ይደበዝዛል

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንደሆነ ለዩ። ያልተነካውን ቅጂ በሙሉ ስክሪን ክፈቱና አንድ ቦታ ላይ አቁሙት። ፊደሉ እዚያም ከደበዘዘ ችግሩ ያለው ቀረጻው ላይ ነው። እዚያ ጥርት ብሎ ዙም ላይ ብቻ ከደበዘዘ ደግሞ ዙሙ በዝቷል።

የኔው ከቀረጻው ነበር። ኦቢኤስ ውስጥ በ`Settings` ሥር `Video` የሚል ገጽ አለ። `Base (Canvas) Resolution` 1920x1080 ነበር። ከሥሩ ያለው `Output (Scaled) Resolution` ግን 1280x720 ነበር። ማለትም ስክሪኔ ገና ሲቀዳ ተጨምቋል። እኔ ደግሞ በላዩ ላይ 2 እጥፍ ዙም አደረግሁበት። በዚያ ዙም የሚታየው የምስሉ ክፍል 640 በ360 ፒክስል ብቻ ነው። እሱን ወደ 1920 በ1080 ስለጥጠው እያንዳንዱ ነጥብ የዘጠኝ ነጥብ ቦታ ይሞላል። ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

መፍትሄው ሁለቱን ቁጥሮች ከስክሪናችሁ ጋር እኩል ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ `Output` የሚለው ገጽ ውስጥ ግቡና `Recording Quality` ላይ `High Quality, Medium File Size` ምረጡ። `Same as stream` የሚለው ላይ ከተተወ ጥራቱ የሚወሰነው ለቀጥታ ስርጭት በተቀመጠው መጠን ነው። ያ መጠን ዝቅተኛ ከሆነ ትንንሽ ፊደል ይበላሻል።

በተቃራኒው የምትልኩትን ቪዲዮ 1280x720 አድርጉት። በ1080 ቀድታችሁ በ720 ስታወጡ እስከ 1.5 እጥፍ ድረስ ያለ ምንም ኪሳራ ዙም ማድረግ ትችላላችሁ። በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰውም ፋይሉ ይቀልለታል። ከዚያ በላይ ማጉላት ካስፈለጋችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ኤክሴሉን ራሱን አጉሉት፤ `Ctrl` ይዞ የማውሱን ጎማ ማዞር ነው። 140% ላይ የተቀዳ ሠንጠረዥ ግማሹን ዙም አላስፈላጊ ያደርገዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሁሉንም ከሠራሁ በኋላ ነው።

ዙሙ ራስ ያዞራል

እዚህ ሦስት ጥፋት ነበረብኝ።

አንደኛው አጀማመሩ ነው። በዙሙ መነሻና መድረሻ ላይ ኪፍሬም የሚባለውን ነጥብ አስቀምጫለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ፍጥነት ግን አንድ ዓይነት ነው። ከቆመበት ድንገት ይነሳል፣ ድንገት ይቆማል። ጎማው ድንጋይ እንደመታ ባጃጅ በሉት። ሪዞልቭ ውስጥ ከክሊፑ ሥር ያለውን የኩርባ ምልክት ስትጫኑ መስመሩ ይታያል። ቀጥ ያለ ከሆነ ችግሩ ይኸው ነው። ሁለቱንም ነጥቦች ወደ ለስላሳ ኩርባ ቀይሯቸው። ዙሙ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል። ለርዝመቱ በሰከንድ 30 ፍሬም በሆነ ቀረጻ ከ18 እስከ 24 ፍሬም ይበቃል፤ ከሰከንድ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። `Zoom` እና `Position` ነጥቦቻቸው አንድ ፍሬም ላይ መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ምስሉ ካጎላ በኋላ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ዙሙን ያስጀመርኩት ማውሱን በተጫንኩበት ቅጽበት ነበር። ተመልካቹ ምስሉ እየተንቀሳቀሰ እያለ የተጫንኩትን ማየት አለበት ማለት ነው። አይችልም። ዙሙ ክሊኩ ከመምጣቱ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ጨርሶ መቆም አለበት።

ሦስተኛው ብዛቱ ነው፣ የአክስቴን ልጅ ያመማትም እሱ ይመስለኛል። 23 ዙም ነበረኝ። ሐ ዓምድ ላይ አጉልቼ፣ ወጥቼ፣ ደግሞ መ ዓምድ ላይ አጉልቼ! ጎን ለጎን ያሉ ሴሎች ከሆኑ አትውጡ። እንደጎላ ይቆይና ምስሉን ወደ ጎን ግፉት። መውጣት የሚገባው ቀጣዩ ቦታ ከስክሪኑ ሌላ ጥግ ሲሆን ብቻ ነው፤ ተመልካቹ የት እንዳለ ይወቅ። 23ቱ ወደ 7 ወረዱ፤ አንድም የጎደለ ነገር የለም።

ቢጫው ክብ ስክሪኔ ላይ ይታያል፣ ቪዲዮው ላይ ግን የለም

የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ ያጋጠመኝ ነው። ዊንዶውስ ላይ ለብቻው በሚጫነው ፓወርቶይስ ውስጥ `Mouse Highlighter` የሚባል አለ፤ `Win + Shift + H` ሲጫኑ ይበራል። ስትጫኑ ክብ ይስላል። ክቡን የሚስለው ግን ኤክሴል ላይ ሳይሆን ከላዩ በተዘረጋ ሌላ የማይታይ መስኮት ላይ ነው። ኦቢኤስ ላይ `Window Capture` መርጣችሁ ከሆነ የሚቀዳው የኤክሴል መስኮት ብቻ ነው፤ ከላዩ ያለውን አያየውም። `Display Capture` አድርጉት።

እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለ ነገር ሁሉ ይቀዳል። እናቴ በቴሌግራም «ቡናው ፈልቷል፣ አቦሉ ሳያልፍህ ና» ብላ የጻፈችው በኔ ቪዲዮ ላይ ለ5 ሰከንድ ተነቧል። ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት የዊንዶውስን ማሳወቂያ ዝም አሰኙት።

ቀለሙንም አስቡበት። ሠንጠረዡ ላይ ቢጫ የተቀባ ሴል ካለ ቢጫው ክብ እዚያ ሲደርስ ይጠፋል።

ክቡ ዙም ሲደረግ ከከርሰሩ ይለያያል

ይህ ክቡን ከቀረጻ በኋላ ለሚጨምሩ ነው። ቪዲዮው ታችኛው ትራክ ላይ፣ ክቡ ላይኛው ላይ ነው። ዙም የተደረገው ታችኛው ብቻ ስለሆነ ሴሉ ከቦታው ሲሄድ ክቡ ባለበት ይቀራል። ሁለቱን ምረጡ፣ በቀኝ ክሊክ `New Compound Clip` በሉ፤ ዙሙን እሱ ላይ አድርጉ። አብረው ያድጋሉ፣ አብረው ይሄዳሉ።

ቅደም ተከተሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ መቁረጥ፣ ቀጥሎ ክቡ፣ መጨረሻ ዙም። ዙሙን አስቀድሜ ስለሠራሁ አንድ ቦታ በቆረጥሁ ቁጥር መነሻው ከአንዱ ክሊፕ፣ መድረሻው ከሌላው ክሊፕ ይቀር ነበር። ሁለት ማታ የፈጀብኝ እሱ ነው።

ዝምታውን ከቆረጥሁ በኋላ ቪዲዮው ይዘላል

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሞተ ሰዓት ማለት ዝምታ አይደለም። ዝም ብዬ ቁጥር እየጻፍሁ ከሆነ ተመልካቹ እያየኝ ነው። ስክሪኑ ቆሞ እያወራሁ ከሆነም እየሰማኝ ነው። የሞተው ሁለቱም በአንድ ጊዜ የቆሙበት ነው። እኔ ዝምታውን ብቻ እያየሁ ስለቆረጥሁ ቀመር የምጽፍበትን ቦታ በልቼዋለሁ።

በትእዛዝ መስኮት የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ፕሮግራም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይፈልግላችኋል፦

```
ffmpeg -i mezgeb.mkv -vf freezedetect=n=-60dB:d=2 -af silencedetect=noise=-35dB:d=2 -f null -
```

ከሁለት ሰከንድ በላይ ምስሉ የቆመበትንና ድምፅ የጠፋበትን በሰከንድ ይዘረዝራል። ከኔው አንዱ ይህ ነበር፦

```
freeze_start: 252.4
silence_start: 255.0
silence_end: 286.2
freeze_end: 290.5
```

የ12 ወሩ ፋይል እስኪከፈት የጠበቅሁበት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ከ255.0 እስከ 286.2 ነው፤ 31 ሰከንድ። ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሰከንድ ትቼ መሃሉን አወጣሁ። ግን «ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል» የሚል ድምፅ ጨመርሁበት። አለበለዚያ የሷ ኮምፒውተር ሲዘገይ ተበላሸ ብላ ትዘጋዋለች።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። `freezedetect` የሚለካው የምስሉን ጠቅላላ ለውጥ ስለሆነ ትንሿ የማውስ ቀስት ብትንቀሳቀስ አይቆጥራትም። ዝም ብዬ ዓምዱን በማውስ ሳመለክት «ቆሟል» ብሎኛል። ስለዚህ ያወጣውን እያያችሁ ቁረጡ እንጂ በጭፍን አትመኑት። ሌላው ድምፁ ነው። የደሴ ክረምት ቆርቆሮውን እየደበደበ ከቀዳችሁ ዝምታ የሚባል ነገር አያገኝም፤ -35ን ወደ -28 ወይም -25 ከፍ አድርጉት።

መዝለሉ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከመቁረጡ በፊት ከርሰሩ ከላይ በስተቀኝ ነበር፣ ከተቆረጠ በኋላ ከታች በስተግራ ይገኛል። ዓይን ይደናገጣል። መቁረጫውን ማውሱ ከመነሳቱ በፊት ወዳለው ጸጥታ መልሱት፤ ጉዞው ሙሉውን ይታይ። የማይሆን ከሆነ ስክሪኑ በሙሉ በሚቀየርበት ቅጽበት ላይ ቁረጡ፤ አዲስ መስኮት ሲከፈት ማንም ከርሰሩን አያይም። ድምፁ ላይ «ጭ» የሚል ከተሰማ መጋጠሚያው ላይ የሦስት አራት ፍሬም የድምፅ መሸጋገሪያ ይበቃዋል።

መብራት ሲጠፋ ፋይሉ አይከፈትም

ተራ ኤምፒ4 ፋይል የሚያስፈልገውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማውጫው የለም። በኤምኬቪ ቅዱ፤ እስከጠፋበት ድረስ ያለው ይተርፋል። ኋላ በኦቢኤስ `Remux Recordings` ወደ ኤምፒ4 ይቀየራል፣ ጥራቱ አይነካም።

አዲሱ ቪዲዮ 6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆነ። ላክሁላት። በማግስቱ መዝገቡን አጣርታ ፎቶውን ልካልኛለች። ከሥሩ «ራሴን አላዞረኝም ጋሼ፣ ግን አሁን ድምፅህ ዝቅ ይላል» ብላበታለች።