ከፋይናል ስንት ያስፈልገኛል? በነጥብ ድምር እና በክብደት የሚሰላ ውጤት

አገር ቤት ስማር ይህን ስሌት ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበርና። ሚድ ከ30፣ አሳይመንት ከ10፣ ኩዊዝ ከ10፣ ፋይናል ከ50 ይያዛል ተባለ ማለት ሚድ ላይ 22 ያመጣ ተማሪ ከኮርሱ መቶ 22ቱን ኪሱ ከትቷል ማለት ነው። ፈተናው የታረመው ከ60 ቢሆን እንኳ ውጤቱ የሚነገረን ወደ 30 ተለውጦ ነበር። በወረቀቱ ላይ ያለው ነጥብ እና ከመቶው የሚይዘው ድርሻ አንድ ስለሆኑ የያዙትን ደምሮ ከሚፈልጉት ላይ መቀነስ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ እየሄዱም ይሠራል።

ይህንኑ ልማድ ይዤ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። የአናቶሚ እና ፊዚዮሎጂ ኮርስ ነበር፤ ለነርሲንግ ለማመልከት ስለፈለግሁ ከቢ በታች እንዳይሆንብኝ እጠነቀቅ ነበር። ከፋይናሉ በፊት ነጥቦቼን ደብተሬ ጀርባ ላይ ደምሬ «57 ካመጣሁ ቢ ነው» አልኩና ለሌላው ኮርስ ማጥናት ጀመርኩ። ፋይናሉን 71 አመጣሁ። ኮርሱ ላይ የተጻፈልኝ ግን ሲ ነበር። ስህተት ተሠርቷል ብዬ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። መምህሬ የኮርስ አውትላይኑን ሁለተኛ ገጽ ገልጠው አራት መስመር ያላት ሰንጠረዥ አሳዩኝ። ስህተቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሠራበትን መንገድ እነሆ፤ የምጠቀመውም ራሱን ያን ኮርስ ነው።

1. አሠራሩን ይለዩ

የኮርስ አውትላይኑን ይክፈቱና የውጤት አሰጣጡን ክፍል ያንብቡ። «በአጠቃላይ 600 ነጥብ፤ 480 እና ከዚያ በላይ ቢ» የሚል ከሆነ የነጥብ ድምር ነው። «የቤት ሥራ 20 በመቶ፣ ኩዊዝ 20 በመቶ፣ ሚድተርም 25 በመቶ፣ ፋይናል 35 በመቶ» የሚል ከሆነ ደግሞ በክብደት የሚሰላ ነው። ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ካንቫስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የውጤት ገጹን ሲከፍቱ በስተቀኝ `Assignments are weighted by group` የሚል ሰንጠረዥ ካዩ በክብደት ነው። ሰንጠረዡ ከሌለ ገጹ የሚደምረው ነጥብ ነው። አውትላይኑ እና ገጹ ካልተስማሙ መምህሩን ይጠይቁ፤ ይህ ሲያጋጥም አይቻለሁ።

የሚያሳስተው ነገር በሁለቱም አሠራር እያንዳንዱ ሥራ በነጥብ መታረሙ ነው። ክብደት ባለበት ኮርስም «ከ100 68» የሚል ያያሉ። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው፤ ነጥብ ስላየሁ የሚደመር መሰለኝ።

2. ነጥቦቹን በየክፍላቸው ይሰብስቡ

የእኔ እንዲህ ነበር። የቤት ሥራ ከ300 285፣ ኩዊዝ ከ100 70፣ ሚድተርም ከ100 68። ፋይናሉ ከ100 ነው። ግቤ 80፣ ማለትም ቢ።

3. የነጥብ ድምር ከሆነ

ቀላሉ ይህ ነው። ጠቅላላው 600 ስለሆነ የ600 80 በመቶ 480 ነው። የያዝኩት 285 እና 70 እና 68፣ ድምሩ 423። ከ480 ላይ 423 ሲቀነስ 57 ይቀራል፤ ፋይናሉም ከ100 ስለሆነ የሚያስፈልገው 57 ነው። ፋይናሉ ከ150 ቢሆን ኖሮ ጠቅላላው ራሱ 650 ይሆናል፤ ያን መርሳት የለብዎትም።

4. በክብደት ከሆነ

እዚህ ቀስ ይበሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ከመቶ ስንት እንደሆነ ያውጡ፤ ከዚያ በክብደቱ ያባዙት። የቤት ሥራዬ ከ300 285 ነው፤ ይህም 95 በመቶ ነው። የ20 95 በመቶ 19 ይሰጣል። ኩዊዙ 70 በመቶ፣ ከ20ው 14። ሚድተርሙ 68 በመቶ፣ ከ25ቱ 17። ድምሩ 50። አገር ቤት «ወደ 20 ተለውጦ» የሚባለው ሥራ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መለወጡን የሚሠራልዎ ሰው አለመኖሩ ነው።

80 ለመድረስ 30 ይቀረኛል። ነገር ግን ይህ 30 ከ100 አይደለም፤ ፋይናሉ ከሚይዘው 35 ላይ ነው የሚመጣው። 30 ለ35 ሲካፈል 0.857 ይሆናል። የሚያስፈልገኝ ከመቶ 86 ነበር ማለት ነው።

ያው ተማሪ፣ ያው ነጥብ፤ በአንዱ 57፣ በሌላው 86። ያመጣሁት 71 በነጥብ ድምር 494 ከ600፣ ማለትም 82 በመቶ ያደርሰኝ ነበር። በክብደት ግን 71 ከ35ቱ ወደ 25 ገደማ ብቻ ስለሚሆን 74.85 ላይ ቀረሁ።

ምክንያቱን ማወቅ ቀመሩን ከማወቅ ይበልጣል። በነጥብ ድምር የቤት ሥራው 300 ከ600 ስለሆነ የኮርሱን ግማሽ ይዟል፤ ፋይናሉ ደግሞ አንድ ስድስተኛውን ብቻ ነው። በክብደት ግን የቤት ሥራው 300 ነጥብ ይኑረው 3,000፣ ከ20 በመቶ አያልፍም። እኔ ትጉ የቤት ሥራ ሠሪ፣ ደካማ ተፈታኝ ነበርኩ፤ ክብደቱ ትጋቴን አሳንሶ ድክመቴን አጎላው። ተቃራኒው ተማሪ ተቃራኒውን ያገኛል። የቤት ሥራ 210፣ ኩዊዝ 90፣ ሚድተርም 88 ያለው ተማሪ በነጥብ ድምር 388 ይዞ ከፋይናሉ 92 ሲፈለግበት፣ በክብደት 54 ስለሚይዝ 74.3 ይበቃዋል። ስለዚህ አንዱ አሠራር ከባድ ሌላው ቀላል ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ነጥቡ የት የት እንዳለ ነው።

5. በክፍሉ ውስጥ አማካዩ እንዴት እንደሚወጣ ያረጋግጡ

ይህን ደረጃ ሰዎች ይዘሉታል፤ እኔም የዘለልኩት ነበር። ኩዊዞቼ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ከ10፣ አንዱ ከ70። ያመጣሁት 10፣ 9፣ 8 እና 43 ነው። ነጥቦቹን ደምሮ ለ100 ማካፈል 70 በመቶ ይሰጣል። የእያንዳንዱን በመቶ አውጥቶ ለአራት ማካፈል ግን 100፣ 90፣ 80 እና 61.4 ስለሆኑ ወደ 83 በመቶ ይወጣል። በዚህ ሁለተኛ መንገድ ቢታሰብልኝ ከፋይናሉ የሚያስፈልገኝ ከ86 ወደ 79 ይወርድ ነበር። ካንቫስ በክፍሉ ውስጥ ነጥቦቹን ነው የሚደምረው። በራሳቸው መዝገብ የሚሠሩ መምህራን ግን ሁለተኛውን መንገድ ሊመርጡ ይችላሉ፤ አንድ አጭር ኢሜይል ይህን ያጣራል። «ዝቅተኛው ኩዊዝ ይሰረዛል» የሚል ደንብ ካለም ከነጥቡ ጋር የተያዘበትን ጠቅላላ አብረው ይቀንሱ።

6. ገጹ ላይ ያለውን በመቶ እንደ ተያዘ ውጤት አይቁጠሩት

ከፋይናሉ በፊት ገጹ 76.9 በመቶ ያሳየኝ ነበር። ይህ ቁጥር 50ውን ለ65 በማካፈል የመጣ ነው፤ ፋይናሉ ገና ስላልታረመ የእሱ 35 ለጊዜው እንደሌለ ተቆጥሯል። «76.9 ይዤ ወደ 80 ሦስት ነጥብ ቀረኝ» ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ የያዝኩት 50 ብቻ ነበር። `Calculate based only on graded assignments` ከሚለው ላይ ምልክቱን ሲያነሱ ያልታረመው ሁሉ ዜሮ ይሆንና እውነተኛው 50 ይወጣል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ለስሌት ግን የሚጠቅመው እሱ ነው።

7. ቀመሩን ሉህ ላይ ያስቀምጡ

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ይበቃል። በኢንተርኔት ያሉትን የፋይናል ማስሊያዎች አልወዳቸውም። አብዛኞቹ «አሁን ያለዎት ውጤት» ብለው አንድ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ተማሪው ከ76.9 እና ከ50 የትኛውን እንደሚጽፍ ግን አያውቅም። 76.9ን የሚጠብቀው ማስሊያ ላይ 50 ከጻፉ ከ100 በላይ የሆነ ቁጥር አይተው ተስፋ ይቆርጣሉ።

```
=(0.80*600-423)/100
=(80-(20*285/300+20*70/100+25*68/100))/35
```

የመጀመሪያው ለነጥብ ድምር ነው፤ 0.57 ይሰጣል። ሁለተኛው ለክብደት ነው፤ 0.857 ይሰጣል። መልሱ ከ1 በላይ ከወጣ ግቡ በፋይናሉ ብቻ አይደረስም፤ በእኔ ኮርስ ፋይናሉን ደፍኜ 100 ባመጣ እንኳ ጣሪያው 85 ስለነበር ኤ አስቀድሞ አምልጦኝ ነበር። ፋይናሉ 50 ጥያቄ ብቻ ካለው ደግሞ 0.857ን በ50 ያባዙ፤ 42.9 ስለሚመጣ 43 ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያጠጋጉ። 79.6ን ወደ 80 የሚያሳድግልዎ መምህር መኖሩንም አውትላይኑ ካልተናገረ አይመኑበት።

8. ሰዓትዎን በዚህ ይከፋፍሉ

በአንድ ሳምንት ሁለት ፋይናል ሲገጥምዎ የስሌቱ ጥቅም ይታያል። በዚህ ምሳሌ ፋይናሉ ላይ የሚጨመር አንዲት ነጥብ በነጥብ ድምሩ ኮርስ ውጤትዎን በ0.17 ብቻ ከፍ ታደርጋለች፤ በክብደት በሚሰላው በ0.35። አናቶሚን በድጋሚ በወሰድኩበት ወቅት ከጎኑ በነጥብ ድምር የሚሰላ የሒሳብ መዝገብ ኮርስ ነበረኝ። የዚያን ፋይናል የሚያስፈልገኝ 61 መሆኑን አየሁና ሁለት ማታ ሰጠሁት፤ የቀረውን ሳምንት ለአጥንትና ለጡንቻ ስሞች አደረግሁት።