አሸናፊ አቅራቢዎች በቅድሚያ ክፍያ ጥያቄ ደብዳቤ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጨረታ ያሸነፈ አቅራቢ የቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቅ የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«ድርጅታችን ባወጣችሁት ጨረታ አሸናፊ ሆኖ በመመረጡ የተሰማንን ከፍተኛ ደስታ እንገልጻለን። ድርጅታችን በዘርፉ የካበተ ልምድና መልካም ስም ያለው መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በገበያው ላይ በተከሰተው የዋጋ ንረትና ባጋጠመን የገንዘብ እጥረት ምክንያት ተገቢ የሆነ የቅድሚያ ክፍያ ቢፈቀድልን፣ በምትኩ የውል ማስከበሪያ ዋስትና የምናቀርብ መሆኑን እየገለጽን፣ ስለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ ሰዋስውም አልጎደለውም። የገዢው ፋይናንስ ክፍል ግን በዚህ ጽሑፍ ላይ ተመርኩዞ ክፍያ ሊያዝ አይችልም። ስንት እንደተጠየቀ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውልና እንዴት እንደሚመለስ አይናገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «በምትኩ» ተብሎ የቀረበው ዋስትና ለዚህ ክፍያ የሚሆን ዋስትና አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንያዝ። አቅራቢው 40 የውሃ ፓምፖችን በአራት ዙር፣ በየዙሩ አሥር አሥር አድርጎ ለማስረከብ ተዋውሏል። የውሉ ዋጋ 4,000,000 ነው። የውል ማስከበሪያ ዋስትናው የዋጋው 10 በመቶ፣ ማለትም 400,000 ነው። ውሉ እስከ 30 በመቶ የቅድሚያ ክፍያ ይፈቅዳል። አምራቹ ፓምፖቹን ለአቅራቢው በ3,000,000 ይሸጣል፤ ትእዛዝ ሲቀበል 40 በመቶውን፣ ማለትም 1,200,000 ይጠይቃል።

የውል ማስከበሪያ ዋስትናን ለቅድሚያ ክፍያ መለዋወጫ ማድረግ

ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የውል ማስከበሪያ ዋስትና አቅራቢው ወዶ የሚሰጠው ነገር አይደለም። የጨረታ ሰነዱ አሸናፊው እንዲያቀርበው አስቀድሞ አስገድዶታል። አቅራቢው የቅድሚያ ክፍያ ተሰጠውም አልተሰጠው ማቅረብ አለበት። ስለዚህ «የቅድሚያ ክፍያ ከፈቀዳችሁልኝ የውል ማስከበሪያ አቀርባለሁ» ሲል ዕዳውን እንደ ውለታ እየቆጠረ ነው። አደጋው ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። ዓረፍተ ነገሩ ሲገለበጥ «ካልፈቀዳችሁልኝ አላቀርብም» የሚል ትርጉም ይሰጣል። በብዙ የጨረታ ሰነዶች ደግሞ የውል ማስከበሪያውን በወቅቱ ያላቀረበ አሸናፊ የጨረታ ማስከበሪያው ይወረስበታል፤ ጨረታውም ወደ ሁለተኛው ተወዳዳሪ ሊሄድ ይችላል። አንድ በግዴለሽነት የተጻፈ «በምትኩ» ለዚህ በር ይከፍታል።

ሌላው ጉዳይ ሁለቱ ዋስትናዎች የሚጠብቁት አደጋ የተለያየ መሆኑ ነው። የውል ማስከበሪያው ገዢውን አቅራቢው ሥራውን ሳይፈጽም ቢቀር ከሚደርስበት ጉዳት ይጠብቀዋል፤ ለምሳሌ ከሌላ አቅራቢ በውድ ዋጋ ለመግዛት ቢገደድ። የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው ግን ገዢው አስቀድሞ ያወጣውን የራሱን ገንዘብ ይጠብቃል። በምሳሌያችን አቅራቢው የውሉን ዋጋ 30 በመቶ፣ ማለትም 1,200,000 በቅድሚያ ተቀብሏል፣ ይህም ከአራቱ ዙሮች ክፍያ እኩል እየተቀነሰ ይመለሳል እንበል። የመጀመሪያውን ዙር አስረክቦ ቢያቆም፣ ከቅድሚያ ክፍያው 300,000 ተመልሶ 900,000 በእጁ ይቀራል። ገዢው የያዘው የውል ማስከበሪያውን ብቻ ከሆነ ሙሉውን 400,000 ቢወስድ እንኳ 500,000 ይጎድለዋል። የቀሩትን 30 ፓምፖች ከሌላ ለመግዛት ለሚያወጣው ተጨማሪ ወጪም ምንም የለውም። ሁለቱንም ዋስትናዎች ከያዘ ግን 900,000ውን ከቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው ያስመልሳል፤ 400,000ው ደግሞ ለታሰበለት ጉዳት ይውላል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው የፋይናንስ ኃላፊ ለየክፍያው የራሱን ዋስትና የሚጠይቀው። ጥያቄውም ተገቢ ነው።

ስለዚህ በደብዳቤው ሁለቱን ለያይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። የውል ማስከበሪያው መቅረቡን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መግለጽ፣ ለቅድሚያ ክፍያው ደግሞ መጠኑ ከሚጠየቀው ገንዘብ እኩል የሆነ የተለየ ዋስትና ማቅረብ ነው።

መጠኑን ሳይጠቅሱ «ተገቢ» ማለት

የሚጠየቀው ገንዘብ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ በቁጥርም በመቶኛም መጻፍ አለበት። መቶኛው ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ ይሁን ከታክስ በኋላ ካለው ውሉን አይቶ መለየት ያስፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ሳምንታት የሚፈጁ የደብዳቤ ምልልሶች አሉ። ውሉ ከሚፈቅደው ጣሪያ በላይ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። የጨረታ ሰነዱ የቅድሚያ ክፍያን ጨርሶ ካልጠቀሰ ደግሞ፣ ከአሸናፊነት በኋላ መጠየቅ ለሌሎች ተወዳዳሪዎች ያልቀረበ ጥቅም መጠየቅ ስለሆነ ገዢው ቢፈልግ እንኳ መፍቀድ ሊከብደው ይችላል።

ምክንያቱን ችግር ማድረግ

«የገንዘብ እጥረት አጋጥሞናል» የሚል ሐረግ አዘኔታ ያስገኛል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ገዢው ግን ይህን አቅራቢ የመረጠው የፋይናንስ አቅሙን መዝኖ ሊሆን ይችላል። አሁን እጥረት አለብኝ ሲል ሲሰማ የሚያስበው ስለ ምዘናው ትክክለኛነት ነው። የዋጋ ንረትን መጥቀስም የዋጋ ማሻሻያ ጥያቄ ሊከተል ነው የሚል ስጋት ይፈጥራል።

ከችግር ይልቅ የገንዘቡን መንገድ ማሳየት ይሻላል። አምራቹ ትእዛዝ ሲቀበል 1,200,000 ይጠይቃል፤ ፕሮፎርማው ተያይዟል፤ የተጠየቀውም 1,200,000 ነው። ቁጥሮቹ ሲገጥሙ ገዢው ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ፓምፖቹ እንደሚሄድ ያያል። ስለ ልምድና መልካም ስም የተጻፈው አንቀጽ ሁሉ ሊወጣ ይችላል፤ እሱ በጨረታው ሰነድ ገብቶ ተመዝኗል።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ አለመናገር

የቅድሚያ ክፍያ ስጦታ አይደለም፤ ከቀጣይ ክፍያዎች እየተቀነሰ ይመለሳል። በምሳሌያችን እያንዳንዱ ዙር 1,000,000 ያወጣል፤ በየዙሩ 30 በመቶ ሲቀነስ አቅራቢው 700,000 ይቀበላል፣ ከአራተኛው ዙር በኋላም ዕዳው ያልቃል። ገዢው ከመጨረሻው ዙር በፊት እንዲመለስለት ቢፈልግ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች 400,000 እየተቀነሰ፣ አቅራቢው 600,000 ይቀበላል።

አቅራቢው ይህን ከመስማማቱ በፊት ሒሳቡን በራሱ በኩልም መሥራት አለበት። ለአምራቹ የሚቀረው 1,800,000 ለአራት ሲካፈል በየዙሩ 450,000 ነው። በ600,000 ክፍያ ይህን ከፍሎ ለማጓጓዣና ለሌላ ወጪ 150,000 ይተርፈዋል። የማጓጓዣ ወጪው ከዚህ ከበለጠ ፈጥኖ የመመለሱ ሐሳብ በሁለተኛው ዙር ላይ ያስቸግረዋል።

ባንኩን ሳያነጋግሩ ዋስትና እሰጣለሁ ማለት

ባንክ ዋስትና ሲሰጥ የአገልግሎት ክፍያ ከመጠየቁ ሌላ የተወሰነ ገንዘብ ሊይዝ ይችላል። የዋስትናውን 30 በመቶ በጥሬ ገንዘብ ከያዘ 360,000 ይታሰራል፤ ለአምራቹ ለመክፈል የሚቀረውም 840,000 ብቻ ነው። መቶ በመቶ ከያዘማ የቅድሚያ ክፍያው በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ባንኩ ምን ያህል እንደሚይዝና የውል ማስከበሪያውም ከተመሳሳይ የብድር ጣሪያ እንደሚቀነስ ወይም እንደማይቀነስ ማጣራት ያስፈልጋል። ከባንክ ይልቅ የኢንሹራንስ ዋስትና ለማቅረብ የሚያስብም ገዢው እንደሚቀበለው አስቀድሞ ውሉን ይመልከት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደብዳቤው ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ የ1,200,000 የቅድሚያ ክፍያ ስለመጠየቅ

ለ40 የውሃ ፓምፖች አቅርቦት በተፈረመው ውል የቅድሚያ ክፍያ አንቀጽ መሠረት፣ የውሉ ዋጋ 30 በመቶ የሆነው 1,200,000 እንዲከፈለን እንጠይቃለን። ገንዘቡ ፓምፖቹን ለማዘዝ ለአምራቹ የሚከፈል ነው፤ ፕሮፎርማው ተያይዟል።

ለዚህ ክፍያ መጠኑ 1,200,000 የሆነ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል የባንክ ዋስትና እናቀርባለን፤ ረቂቁ ተያይዟል። በውሉ የተጠየቀውን የ400,000 የውል ማስከበሪያ ዋስትና ለብቻው አስገብተናል።

የቅድሚያ ክፍያው ከአራቱ ዙሮች ክፍያ 300,000 እየተቀነሰ ተመላሽ ይሆናል፤ የዋስትናው መጠንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ዙር በውሉ ቀን ለማስረከብ እንድንችል፣ ዋስትናው በቀረበ በ15 ቀናት ውስጥ ክፍያው እንዲፈጸምልን እንጠይቃለን።»

የዋስትናውን ረቂቅ ሳያነብቡ ማያያዝ

ረቂቁ ለይስሙላ የሚያያዝ ወረቀት አይደለም፤ የደብዳቤው ቃል ሁሉ የሚጸናው በእሱ ነው። ዋስትናው ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ለገዢው ስለሚሰጥ፣ ጽሑፉ ዋስትናው የሚጸናው ክፍያው በተጠቀሰው የአቅራቢው ሒሳብ ገቢ ከሆነ በኋላ ነው ማለት አለበት። ይህ ካልተጻፈ አቅራቢው ባልተቀበለው ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል። የመቀነሱ ነገርም በረቂቁ ውስጥ በግልጽ መኖር አለበት፤ በምን ሰነድ እንደሚቀንስ ጭምር፣ ለምሳሌ በገዢው በተፈረመ የርክክብ ሰነድና የክፍያ ማረጋገጫ። ያለዚያ ባንኩ የያዘውን ገንዘብ እስከ መጨረሻው አይለቅም።

የማብቂያው ቀን የውሉ የመጨረሻ የማስረከቢያ ቀን ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ርክክብ ሊዘገይ፣ ክፍያውም ከርክክብ በኋላ ሊዘገይ ይችላል፤ ሁለቱንም የሚሸፍን ጊዜ መጨመር ይበጃል። አለበለዚያ ገዢው የማብቂያው ቀን ሲቃረብ «ወይ አራዝሙት፣ ወይ ክፈሉኝ» የሚል ጥያቄ ለባንኩ ያቀርባል፤ ይህም በአቅራቢውና በባንኩ መካከል ያለውን መተማመን ይጎዳል። ቀኑን ጨርሶ መተውም አይሆንም። ዋስትናው ከሐምሌ 1 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የዋስትና ደንብ ቁጥር 758 የሚመራ ከሆነና የማብቂያ ቀንም ሆነ ሁኔታ ካልተጻፈበት፣ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይቆያል። ለአራት ዙር የፓምፕ አቅርቦት ይህ ሁሉ ጊዜ የባንክ ክፍያ መክፈልና ገንዘብ ማሳሰር ነው። ስለዚህ የቅድሚያ ክፍያው ተመልሶ ሲያልቅ ወይም በተወሰነው ቀን፣ ከሁለቱ በቀደመው እንደሚያበቃ ይጻፍ፤ የመጨረሻው 300,000 እንደተቀነሰም ዋናው የዋስትና ሰነድ እንዲመለስ በዚያው ዕለት በደብዳቤ ይጠየቅ።