ምስሉ ይሻገር፣ ዓረፍተ ነገሩ አይሻገር፦ ለፓኖራማ ካሮሴል ጽሑፍ እንዴት እንደሚታቀድ

አንድ ረጅም ምስል አምስት ቦታ ይቆረጥና ኢንስታግራም ላይ በተርታ ይለጠፋል። አንባቢው በጣቱ ወደ ግራ በገፋ ቁጥር ምስሉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ በአንዱ ስላይድ የጀመረው ተራራ በሚቀጥለው ያልቃል። ፓኖራማ ካሮሴል የሚባለው ይህ ነው። ምስሉን መቁረጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያስቸግረው በላዩ የሚጻፈው ነው፤ ይህንንም ያወቅሁት አንድ ሥራ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ሥራው ደሴ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ የሚወርደው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ ለመድረስ የሐረጎን ዳገት ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይቀረዋል። የማረፊያው ባለቤት ይህን መንገድ በአንድ ረጅም ሥዕል አሠርተው አመጡልኝ። በግራ የኮምቦልቻ ሜዳ፣ በመሃል የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ በቀኝ ጫፍ የጦሳ ተራራና ከሥሩ ደሴ። እኔም ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ ፊደል «ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ሞቅ ያለ ክፍል ይጠብቅዎታል» ብዬ ጻፍኩበት። ኮምፒውተሬ ላይ ሥዕሉ በሙሉ ስለሚታይ ያምር ነበር። ስልክ ላይ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ስላይድ «ከኮምቦልቻ አውሮፕላ» ብሎ ቀረ፤ ሁለተኛው «ን ማረፊያ ተነስተው» ብሎ ጀመረ።

የተቆረጠው ቃል ቀላሉ ጥፋት ነው፤ ፊደሉን ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ይስተካከላል። ዋናው ጥፋት ሌላ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ተነስተው»፣ «ወጥተው»፣ «ሲደርሱ» ሁሉም ተንጠልጥለው የሚቆዩ ናቸው፤ «ይጠብቅዎታል» እስኪመጣ ድረስ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአምስት ስላይድ ሲዘረጉት አራቱ ስላይዶች ምንም ሳይናገሩ ያልፋሉ። አንባቢው ደግሞ አምስተኛው ድረስ ለመግፋት ገና አልወሰነም።

በዚህ ላይ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። አንባቢው የመጀመሪያውን ስላይድ አይቶ ሳይገፋ ካለፈ፣ ኢንስታግራም ያንኑ ፖስት በሌላ ጊዜ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። ያ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው «ን ማረፊያ ተነስተው» የሚለውን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ስላይድ እንደ ሁለተኛ በር ይታሰብ፤ በእሱ የገባም ሰው ነገሩ ሊገባው ይገባል።

1. ኮምፒውተር ከመክፈት በፊት ወረቀት ይቁረጡ

የተለመደው የቁም ስላይድ 1080 በ1350 ፒክስል ነው። አምስት ጎን ለጎን ሲሆኑ 5400 በ1350፣ ማለትም ርዝመቱ የቁመቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከኤ4 ወረቀት 28 ሴንቲ ሜትር በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ያውጡና በየ5.6 ሴንቲ ሜትሩ ይጠፉት። እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ስላይድ ነው፤ ስፋቱም ከብዙ ስልኮች ስክሪን ጥቂት ብቻ ነው የሚያንሰው። ለዚህ ነው ወረቀቱ ከኮምፒውተር የበለጠ እውነቱን የሚነግረው።

ከሌላ ካርቶን ደግሞ መሃሉን 5.6 በ7 አድርገው ይብሱና መስኮት ይሥሩ። ረጅሙን ወረቀት ከኋላው እያንሸራተቱ ሲያዩት አንባቢው የሚያየውን ያህል ብቻ ያያሉ። ሙያዊ አይመስልም፤ ነገር ግን ከላይ የተናገርኩትን ጥፋት በአንድ ደቂቃ ያሳየኝ ነበር።

2. ለእያንዳንዱ ስላይድ የራሱ ማሰሪያ አንቀጽ ይስጡት

ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ትቼ እንደ አዲስ ስጽፍ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ እያንዳንዱ ስላይድ በአራት ነጥብ ይዘጋል። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ «ኮምቦልቻ አረፉ።» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቷ አንብበው፣ «ምነው ልጄ፣ እንግዳዬን ገና በሩን ሳይረግጥ ገደልከው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በአንቱታ «አረፉ» ሲባል ለቅሶ ቤት ነው ትዝ የሚለው። አጭር ጽሑፍ ዙሪያውን የሚያስረዳለት ሌላ ቃል ስለሌለ፣ ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል መሸከም አይችልም። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

ስላይድ 1፦ «ኮምቦልቻ ደረሱ። ደሴ ግን ገና ከላይ ናት።»

ስላይድ 2፦ «ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን ይወጣሉ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።»

ስላይድ 3፦ «ብርዱ እዚህ ይጀምራል። ጋቢዎን ከሻንጣው አናት ያድርጉት።»

ስላይድ 4፦ «ጦሳ ታየ።»

ስላይድ 5፦ «ክፍልዎ ተዘጋጅቷል። አምሽተው ቢደርሱም ይደውሉ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

ሁለተኛው «ኮምቦልቻ»ንና «ደሴ»ን ደግሞ መጥራቱን ያስተውሉ። በተከታታይ ለሚያነብ ሰው ድግግሞሽ ነው፤ በሁለተኛው በር ለሚገባው ግን የግድ ነው። አራተኛው ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ እዚያ ሥዕሉ ራሱ ስለሚናገር ጽሑፍ ባበዛ ኖሮ ተራራውን እሸፍነው ነበር።

ታዲያ አንባቢው እንዲገፋ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዓረፍተ ነገሩ ቢያልቅም ነገሩ አላለቀም። «ደሴ ግን ገና ከላይ ናት» የሚለው ሙሉ ሐሳብ ነው፤ መንገዱ ግን አሁንም ይጠብቃል። ይህ በ«ተነስተው» ከማንጠልጠል ይለያል። አንዱ የተሟላ ነገር ሰጥቶ ሌላ ያስመኛል፤ ሌላው የግማሽ ነገር ሰጥቶ ያናድዳል።

3. በየመቁረጫው ላይ ምን እንደሚሻገር ይጻፉ

አምስት ስላይድ አራት መቁረጫ አለው። በወረቀቱ ላይ በእያንዳንዱ እጥፋት አናት ትንሽ ቀስት ይሥሩና ምን እንደሚሻገር ይጻፉበት። እኔ እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ፣ በሁለተኛው የመንገዱ ኩርባ፣ በሦስተኛው ደመና፣ በአራተኛው የጦሳ ትከሻ።

ሚኒባሱን ሆን ብዬ ግማሹን ግራ፣ ግማሹን ቀኝ አድርጌዋለሁ። ስላይዱ ቆሞ ሲታይ አፍንጫው የለም፤ ሰው ጣቱን የሚያነሳው ያን ለማየት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ግማሽ ነገር በአንድ መቁረጫ ላይ አንድ ብቻ ያድርጉ፤ ሦስት ነገር አብሮ ሲቆረጥ ምስሉ በስህተት የተቆረጠ ይመስላል። የሰው ፊት፣ ስልክ ቁጥር፣ ዋጋና የድርጅት አርማ ግን በፍጹም መቁረጫው ላይ አይቀመጡም።

4. ጽሑፉ የሚያርፍበትን ቦታ ይለኩ

ከእያንዳንዱ ስላይድ ግራና ቀኝ 100 ፒክስል ያህል ባዶ ይተዉ። አንደኛው ምክንያት መቁረጫው ነው። ሌላው የመጀመሪያውን ስላይድ ይመለከታል፦ የፕሮፋይል ገጹ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ምስሎችን በ3 ለ4 መጠን ስለሚያሳይ፣ ከ1080 ስፋቱ በየጎኑ 34 ፒክስል ያህል ይቆርጣል።

ለጽሑፍ 880 ፒክስል ቀረ። ርዕሱን 90 ፒክስል ካደረጉት በአንድ መስመር የሚገባው 12 ፊደል ገደማ ነው፤ እንደ ፊደሉ ቅርጽ አንድ ሁለት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። «ኮምቦልቻ ደረሱ።» ከነክፍተቱና ከነአራት ነጥቡ 10 ነውና በአንድ መስመር ይቀመጣል። የአማርኛ ቃል ይረዝማል፤ «እንደምናስተናግዳችሁ» ዓይነቱ ብቻውን መስመሩን ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥምዎ ፊደሉን አያሳንሱ፤ ቃሉን ይለውጡ።

ትንሹ ጽሑፍ ደግሞ ከ48 ፒክስል በታች አይውረድ። ስልክ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ፊደል እርስ በርሱ የሚለየው በትንንሽ እግርና ቀለበት ነው፤ ከዚያ ሲያንስ «ሉ» እና «ሊ» ይደበላለቃሉ።

የቦታውን አቅጣጫ የሚወስነው ሥዕሉ ነው። በእኛ ሥዕል መንገዱ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ስለሚወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ስላይዶች ባዶው ቦታ ሰማዩ፣ በመጨረሻዎቹ ደግሞ የግርጌው ሜዳ ነበር። ጽሑፉ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። ከፍታውን በአንድ ጊዜ ብዙ ካቀያየሩት ግን የአንባቢው ዓይን በየስላይዱ ጽሑፉን ፍለጋ ይባዝናል።

5. ይቁረጡ፣ ከዚያ ይፈትኑ

ሙሉው ምስል በትክክል 5400 በ1350 መሆኑን ያረጋግጡ። ኢሜጅማጂክ የሚባለው የምስል ፕሮግራም ያለው ኮምፒውተር ካለዎት ይህ ትዕዛዝ ይበቃል፦

```
magick harego.png -crop 1080x1350 +repage s%d.png
```

ከ`s0.png` እስከ `s4.png` አምስት ፋይል ይሰጥዎታል። ስድስተኛ ቀጭን ፋይል ከወጣ ስፋቱ ከ5400 አልፏል ማለት ነው።

ስልክ ላይ ሲጭኑ ጋለሪው ብዙ ጊዜ አዲሱን ፋይል አስቀድሞ ስለሚደረድር ስላይዶቹ ተገልብጠው ሊመረጡ ይችላሉ፤ በላያቸው የሚወጣውን ቁጥር ይዩ። ጋለሪ ውስጥ እየገፉ ሲያዩ በምስሎቹ መሃል ጥቁር ክፍተት ቢታይ አይደንግጡ፤ ክፍተቱ የጋለሪው ነው። መገጣጠሙ የሚታየው ኢንስታግራም ራሱ ላይ፣ ከመለጠፉ በፊት ባለው ዕይታ ነው። እዚያም ፊልተር አይጨምሩ፣ በተለይ በአንዱ ስላይድ ላይ ብቻ፤ የሰማዩ ቀለም መቁረጫው ላይ ይሰበራል።

የጽሑፉ ፈተና ሌላ ነው። ሥራውን ላላየ ሰው ሁለተኛውን ስላይድ ብቻ ያሳዩትና «ስለ ምን ነው?» ይበሉት። እኔ ከሱቄ ጎን ያለውን ፀጉር አስተካካይ ጠየቅሁት። «ወደ ደሴ ስለ መውጣት ነዋ» ካለኝ በኋላ ነው የለጠፍኩት።

ያንኑ ሥራ ቴሌግራም ላይ ለማውጣት ካሰቡ ፓኖራማው አይሠራም። አልበሙ ምስሎቹን በተርታ ሳይሆን እንደ ሞዛይክ፣ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ አድርጎ ስለሚደረድራቸው ሚኒባሱ ተቆርጦ ይቀራል። የእንግዳ ማረፊያው ሰዎች ሳይነግሩኝ አምስቱንም ቻናላቸው ላይ ለጥፈዋቸው ነበር። መንገዱ ተበታትኗል፤ ጋቢውም ስልክ ቁጥሩም ግን እየተነበበ ነበር።