ፊሽካው ለማቆሚያ ብቻ ይሁን

ሜዳ ላይ ስፖርት የምታስተምሩ፣ በፊሽካ አታስጀምሩ። ለማስጀመርም ለማቆምም የሚነፋ ከሆነ ተማሪው የትኛው እንደሆነ እስኪገባው ሩጫውን ይቀጥላል። ማስጀመሪያው «ጀምሩ» የሚል ቃል ይሁን።

አንድ ረጅም ፊሽካ ሲሰማ ተማሪው ባለበት ቆሞ ኳሱን መሬት ላይ፣ በእግሮቹ መካከል ያደርግና ወደ መምህሩ ይዞራል። 5 ሰከንድ ይበቃል። «ኳሱን ያዙ» ብቻ ካላችሁ ማንጠሩ አይቀርም፣ ድምፃችሁም ይዋጣል። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ይህን ያለ ኳስ፣ በሶምሶማ ሩጫ አለማምዷቸው።

ሽግግሩ ላይ ነው ብዙ ደቂቃ የሚባክነው። ለምሳሌ 30 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ኳስ ሲነዱ ቆይተው ወደ ጥንድ ቅብብል ይሻገሩ እንበል። ካቆማችኋቸው በኋላ ፀሐዩ በእናንተ ፊት፣ በእነሱ ጀርባ እንዲሆን ቁሙ፤ ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ማሳያችሁን አያይም። መጀመሪያ አጠገባቸው ካለው ልጅ ጋር ይጣመሩ። ቀጥሎ፦ «‹ጀምሩ› ስል አንዳችሁ ኳሱን ይመልሳል፣ ሌላው ኳሱን ይዞ ኮኑ ጋ ይጠብቃል።» «ጀምሩ ስል» ካልቀደመ ግማሹ ሳትጨርሱ ይሄዳል። 15 ኳስ ወደ አንድ ከረጢት ሲመለስ ግፊያ ስለሚፈጠር በሜዳው አራት ማዕዘኖች አራት ከረጢት አስቀምጡ።

ነፋስ ካለ ፊሽካው ለራቁት ላይሰማ ይችላል፤ እጃችሁንም አብራችሁ አንሡ።